ምስጋናው ሳያልቅ ምስሉ ያልፋል

ጥር ወጥቶ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ጋብ ይላል፤ የቪዲዮ ቤቶች ሥራ ግን ያኔ ነው የሚበዛው። በሰርጉ ሰሞን የተቀረጸው ሁሉ ተቆርጦና ተቀጥሎ፣ ሙዚቃና ድምፅ ገብቶለት ለባለቤቶቹ የሚደርሰው በዚያ ወቅት ነው። ሙሽሮቹም ምስሉን ለማየት ሲመጡ አንድ ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ። ድሮ በወረቀት ነበር፣ አሁን በቴሌግራም ይላካል። በተራኪ ድምፅ ቪዲዮው ላይ እንዲነበብላቸው የሚፈልጉት ምስጋና ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፦

«በመጀመሪያ ከልጅነት እስከ ዕውቀት በቸርነቱ ጠብቆ ለዚህ የተቀደሰ ቀን ላበቃን ልዑል እግዚአብሔር፣ በመቀጠልም ሳይሰለቹና ሳይደክሙ በሥነ ምግባር ኮትኩተው ላሳደጉን ውድ ወላጆቻችን፣ እንዲሁም ሰርጋችን ያማረና የደመቀ ይሆን ዘንድ በገንዘባቸው፣ በጉልበታቸውና በሐሳባቸው ከጎናችን ለቆሙት አክስቶቻችን፣ አጎቶቻችን፣ ሚዜዎቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ የዕድራችን አባላትና በውጭ አገር ለሚገኙ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በሙሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን።»

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ የስም ዝርዝር ይከተላል፣ ከዝርዝሩ በኋላ ደግሞ ሌላ ምስጋና። ሰሞኑን የሠራሁበት ጽሑፍ ወደ 400 ቃል ይጠጋ ነበር፤ ረጋ ባለ ድምፅ ሲነበብ ከአራት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ፊልሙ በጠቅላላው 14 ደቂቃ ነው። የሙሽራው ቤተሰቦች ደብረ ብርሃን፣ የሙሽራዋ ቤተሰቦች አዲስ አበባ ናቸው፤ አንድ ወንድም ከዱባይ ለሰርጉ መጥቷል፣ ታላቅ እህት ደግሞ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና መምጣት አልቻለችም።

ጽሑፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። መልስ ዕለት አንድ ሰው ተነሥቶ ቢያነበው እንግዳው ሁሉ በእልልታ ይቀበለው ነበር። ቪዲዮ ላይ ሲገባ የሚያበላሸው የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከላይ ባለው ጽሑፍ «እናቀርባለን» የሚለው 49ኛው ቃል ነው። አንባቢ ቢጠፋበት ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል፤ ሰሚ ግን መመለሻ የለውም፣ «ለማን? ምን ሊሉ ነው?» እያለ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። በዚያ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ በሰርግ ፊልም ላይ ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ምስል ይቀየራል። ተራኪው «ውድ ወላጆቻችን» ሲል በምስሉ ላይ መኪና ሲታጠብ ይታያል፤ «የዕድራችን አባላት» ሲል ሙሽራዋ ጫማዋን ታደርጋለች። ምስጋናው ሲያልቅ የተመሰገኑት ሰዎች ከምስሉ ካለፉ ቆይተዋል።

ስለዚህ ሥራው ጽሑፉን ከማሳጠር በፊት መበተን ነው። እያንዳንዱን ምስጋና ከዝርዝሩ ነቅሎ፣ የተመሰገነው ሰው ራሱ የሚታይበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ። ይህን ለማድረግ ጽሑፉና የተቆረጠው ምስል ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። እኔ ፊልሙን እያየሁ በደቂቃና በሰከንድ እመዘግባለሁ፤ አክስትየዋ በሁለተኛው ደቂቃ ወጥ ቤት ውስጥ ለ12 ሰከንድ ይታያሉ፣ የዱባዩ ወንድም በሦስተኛው ደቂቃ ሙሽራውን ከረቫት ያስርለታል፣ እያልኩ። ምስሉ የሌለ ሰው ካለ ያኔ ይታወቃል፤ ከተጣለው ቅጂ ውስጥ እንዲፈለግለት ለአርታዒው ይነገራል። ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሰርግ ላይ ካሜራ ያላየው ዘመድ ጥቂት ነው።

ሙሽራው ይህን ሲሰማ ከበደው። «ጋሼ፣ ስሙ ያልተጠራ ሰው ይቀየመናል፤ አደራ ማንም እንዳይቀርብን» አለኝ። ስጋቱ የምር ነው፤ ሰርግ የብዙ ሰው ገንዘብና ጉልበት የፈሰሰበት ነገር ነው፣ ያም ሰው ስሙን ይጠብቃል። እኔም ማንም እንደማይቀር ቃል ገባሁለትና ከዝርዝሩ መካከል አንድ ስም ጠየቅኩት።

«አክስትህ ምን አደረጉ?»

«ኧረ ምን ያላደረገችው አለ!»

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ።»

ትንሽ አሰበና፣ «ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በየወሩ በአውቶቡስ በሶ ትልክልኝ ነበር። ለረዳቱ አደራ ሰጥታ። እዚህ መናኸሪያ ሄጄ እቀበል ነበር» አለኝ።

ጽሑፉ ላይ እኚህ ሴት «በገንዘባቸው፣ በጉልበታቸውና በሐሳባቸው ከጎናችን ከቆሙት» መካከል አንዷ ነበሩ። ያ ሐረግ ለማንኛውም ሰው፣ በማንኛውም ሰርግ ይሆናል። በሶው ግን የእሳቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤት በሚታዩበት ቦታ ተራኪው የሚለው ይህን ሆነ፦ «ተማሪ ሳለ በየወሩ ከደብረ ብርሃን በሶ ይደርሰው ነበር። የላኩለት እኚህ ናቸው።» ድምፁ ሲያበቃ ስማቸው በጽሑፍ ይወጣል፦ «ወ/ሮ እገሊት፣ የሙሽራው አክስት»። (ስሞቹን እዚህ በእገሌና በእገሊት ተክቻቸዋለሁ።) «እናመሰግናለን» የሚል ቃል የለበትም፤ ሆኖም አክስትየዋን ያመሰገነ ከዚህ የበለጠ ዓረፍተ ነገር በዋናው ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም።

ሁሉም ስም እንዲህ ዓይነት ታሪክ አይኖረውም፣ ሊኖረውም አያስፈልግም። ጥያቄውን ለእያንዳንዱ ስም ሳነሳ መልሶቹ በራሳቸው ይለያያሉ። አንዳንዱ ነገር ምስሉ ላይ አለ፦ ድንኳኑ ያማረ መሆኑ፣ እንግዳው መብዛቱ፣ እናትየዋ በደስታ ማልቀሳቸው። ይህ ከጽሑፉ ይወጣል፤ ዓይን ያየውን ጆሮ ድጋሚ ሲነገረው ይሰለቻል። አንዳንዱን ደግሞ ምስሉ ሊናገር አይችልም፣ ግን ለማወቅ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል፦ ይህ ማን ነው፣ ይህ የማን ቤት ነው፣ ስንት ሰዓት ነው። እሱ በጽሑፍ ይወጣል። ለድምፅ የሚቀረው ካሜራው ከመድረሱ በፊት የሆነው ወይም ካሜራው ካለበት ውጭ የሆነው ነገር ነው። በሶው እንደዚያ ነው። የአሜሪካዋ እህት ነገርም እንደዚያ ነው።

እህትየዋ በፊልሙ ላይ የምትታየው ለአራት ሰከንድ ያህል ነበር፤ ብርጭቆ ተደግፎ የቆመ ስልክ፣ በስልኩ ላይ ፊቷ። ዋናው ጽሑፍ ስለ እሷ «በአካል ባትገኝም በመንፈስ ከእኛ ጋር ለነበረችው» ይል ነበር። አርታዒው ያችን ምስል አስረዘማትና ድምፁ እንዲህ አለ፦ «ታላቅ እህቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ እያየች ነው። እዚያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው።» ሙሽራዋን ሊወስዱ የገቡት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስለነበር በጥር ወር ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ አስልተን ነው ያስገባነው። እንዲህ ያለ ነገር ከመጻፉ በፊት መረጋገጥ አለበት፣ በውጭ ያለ ዘመድ መጀመሪያ የሚያርመው ሰዓቱን ነው።

የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ልኩ ስንት ነው? ለዚህ የስልክ ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ማንበብን የሚተካ የለም። የእኔ ተራኪ ረጋ ብሎ ሲያነብ በአንድ ደቂቃ ከ90 እስከ 100 ቃል ይሄድለታል፤ ይህም ማለት ለአሥር ሰከንድ 15 ቃል ገደማ ነው። ግን የአሥር ሰከንድ ምስል ላይ የአሥር ሰከንድ ድምፅ አይጫንም። ሰው መጀመሪያ ምስሉን የሚያይበት አንድ ሁለት ሰከንድ ይፈልጋል፣ ድምፁ ካለቀም በኋላ ያንኑ ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለአሥር ሰከንድ ከዘጠኝና ከአሥር ቃል አላልፍም። የአክስትየዋ ንግግር 11 ቃል ነው፣ ምስላቸው 12 ሰከንድ ነበር፤ ልክ ገባ።

ለተራኪው የሚሰጠው ወረቀትም ለዓይን ከሚጻፈው ይለያል። «ወ/ሮ» ሳይሆን «ወይዘሮ» ተብሎ ይጻፋል፣ ቁጥሩ በፊደል ይሆናል፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ በጭረት ይመለከታል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ፊደላችን መጥበቅና መላላትን የማያሳይ መሆኑ ነው። «ሙሽሮቹ ይሸኛሉ» ብዬ ብጽፍ፣ ሙሽሮቹ ናቸው ሌላውን የሚሸኙት ወይስ ሌሎች ናቸው እነሱን የሚሸኙት? ላልቶ ሲነበብ አንድ፣ «ሸ» ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ነው። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ስለሚያውቀው አይታየውም፤ ተራኪው ግን ምስሉን ሳያይ ስቱዲዮ ገብቶ ያነባል። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አደርግበታለሁ። ስምም ቢሆን አጠራሩ ከቤተሰቡ በድምፅ መልእክት ተልኮ መሰማት አለበት።

የአክብሮት አነጋገር ሌላው ወጥመድ ነው። ሙሽራው ከእኔ ጋር ሲያወራ አክስቱን «ትልክልኝ ነበር» ብሏል፤ በእሱ አፍ ፍቅር ነው። ተራኪው ያንኑ ቢል ድፍረት ይሆናል። ስለዚህ በተራኪው ድምፅ ወላጅና ታላቅ ሁሉ አንቱ ነው፣ «ላኩለት»፣ «ይመርቃሉ»፣ «ቆመዋል»። ሙሽሮቹ በራሳቸው ድምፅ በሚናገሩበት ቦታ ግን «እማዬ፣ አንቺ» ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከተቀላቀሉ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይጠፋል፤ የድሮ የሰርግ ቪዲዮዎች ላይ ተከራይቶ የመጣ ተራኪ «ወላጆቻችን» ሲል የማን ወላጆች እንደሆኑ ግራ የሚያጋባው ለዚህ ነው።

ምስሉ ላይ ስለሚወጣው ጽሑፍ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ኔትፍሊክስ ለእንግሊዝኛ በአንድ መስመር ከ42 ፊደል እንዳይበልጥ፣ ከሁለት መስመርም እንዳያልፍ የሚል መመሪያ አለው። ያንን ቁጥር ይዘው አማርኛ ላይ የሚሠሩ ልጆች አሉ። አይሆንም። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የያዘ ነው፤ «ዘመድ» ሦስት ፊደል ነው፣ በላቲን ሲጻፍ ግን አምስት ይሆናል። ፊደሉም ሰፋ ያለና ዝርዝሩ የበዛ ነው። እኔ በቴሌቪዥን ለሚታይ ፊልም በአንድ መስመር ከ25 ፊደል አላሳልፍም፤ በስልክ ቁመቱን ይዞ ለሚታይ አጭር ቪዲዮ ደግሞ ከ15 በላይ ሲሆን ወይ ፊደሉ ያንሳል ወይ ጠርዙ ይቆረጣል። በስልክ ላይ ታችኛው ክፍል የቲክቶክ ቁልፎችና የተለጣፊው ስም የሚቀመጡበት ስለሆነ ጽሑፉ ከፍ ማለት አለበት።

እንዲህ የሚል ተሰጥቶኝ ነበር፦ «የሙሽራው ወላጅ እናት ክብርት ወ/ሮ እገሊት ልጃቸውን በደስታ እንባ ሲሸኙ»። እንባው ይታያል፣ መሸኘታቸውም ይታያል። የቀረው፦

«ወ/ሮ እገሊት
የሙሽራው እናት»

«ክብርት» የሚለው ሲወጣ ሙሽራው ቅር አለው። ክብራቸው የሚታየው ጽሑፉ በሚቆይበት ጊዜና በተቀመጠበት ቦታ ነው አልኩት፤ ለአምስት ሰከንድ ብቻቸውን ሙሉ ምስሉን ይዘው፣ ሌላ ድምፅ ሳይጨመርበት። ቆይታውን የምለካው ጽሑፉን በተለመደው ፍጥነት ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ በማንበብ ነው። ቪዲዮውን ቤት ውስጥ ደጋግመው የሚያዩት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ መነጽር ፈልገው እስኪያደርጉ የሚጠብቅ ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል። ከሦስት ሰከንድ ያነሰ ስም ለእነሱ እንዳልወጣ ነው።

ከዚያ ቀለሙ። በእኛ ሰርግ ላይ ነጭ ያልሆነ ነገር ጥቂት ነው፤ ቬሎው ነጭ፣ ነጠላው ነጭ፣ የሐበሻ ቀሚሱ ነጭ፣ ድንኳኑ ነጭ። ነጭ ጽሑፍ ደግሞ በኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ላይ ሳይነካ የሚመጣው ነው። በቪዲዮ ቤቱ ትልቅ ስክሪን ላይ የተነበበው ስም ፋይሉ ታምቆ በስልክ ሲላክ ይጠፋል። ከጽሑፉ ሥር ጥቁር፣ ግማሽ የሚያሳልፍ መደብ ማድረግ ይህን ይፈታል። ቀጭንና ጌጠኛ የፊደል ዓይነትም አይመረጥም፤ «በ»ና «ቡ»ን፣ «ሰ»ና «ሱ»ን የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ስለሆነ ያ ቅጥያ ሲጠፋ ስሙ የሌላ ሰው ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወፈር ባለው ዓይነቱ እጠቀማለሁ፣ ነፃ ነው፣ በስልክም ይነበባል። በስም ቦታ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ከታዩ የተመረጠው የፊደል ዓይነት አማርኛ የለውም ማለት ነው፣ ቀይሮ ማየት ብቻ ነው።

የስም አጻጻፍን ከራሴ አላመጣም። «ኃይለ ሥላሴ» ወይም «ሀይለስላሴ»፣ «ፀሐይ» ወይም «ጸሃይ»፣ ትክክለኛው ባለቤቱ የሚጽፈው ነው። የጥሪ ካርዱ ላይ ያሉትን ከካርዱ፣ የሌሎቹን ከቤተሰቡ እወስዳለሁ።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ጽሑፍ እየወጣ ሌላ ነገር የሚናገር ድምፅ መኖር የለበትም። ሰው በአንድ ጊዜ «የሙሽራዋ አጎት» እያነበበ ስለ በሶ መስማት አይችልም፤ ሁለቱም ያመልጡታል። ድምፁ ይቅደም፣ ጽሑፉ ይከተል፤ ወይም ጽሑፉ ብቻውን ይውጣ።

ከሁሉ የከበደን የሙሽራው አባት ነገር ነው። አርፈዋል። ዋናው ጽሑፍ ስለ እሳቸው ወደ 40 ቃል ነበረው፦ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ይህን ቀን አይተው ምን ያህል እንደሚደሰቱ፣ ነፍሳቸውን በገነት እንዲያኖርልን የሚል። ቤተሰቡ ይህ እንዲቀር በፍጹም አልፈለገም፣ እኔም አልፈለግኩም። በቅጂው ውስጥ ሙሽራው ከቤት ሊወጣ ሲል የእናቱን ጉልበት ስሞ ቀና የሚልበት ቦታ አለ፤ ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ የአባቱ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ካሜራማኑ አውቆ ይሁን ሳያውቅ ወደ ፎቶው ተጠግቷል። በዚያ ላይ መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር፣ ተነቦ ሲሰማ ግን ከምስሉ ጋር የሚሻማ ሆነ። ወጣ። ሙዚቃው ዝቅ ብሎ፣ ተራኪው ዝም ብሎ፣ ስማቸው ብቻ ለስድስት ሰከንድ ይታያል፦ «አቶ እገሌ፣ የሙሽራው አባት»። «ሟች» አላልንም። ፎቶግራፍ ሆነው በግድግዳ ላይ ሲታዩ፣ እናትየዋ ጥቁር ሻሽ አስረው ብቻቸውን ሲመርቁ የማይገባው ተመልካች የለም።

ምርቃቱ ላይ ተራኪ አይገባም። ይህን ደንብ አድርጌ ነው የያዝኩት። በብዙ ቪዲዮዎች ላይ ሽማግሌው ቆመው ሲመርቁ ድምፃቸው ጠፍቶ በላዩ ላይ ሙዚቃና ትረካ ይጫናል፤ ከዓመታት በኋላ ልጆቹ የሚፈልጉት ግን የሽማግሌውን ድምፅ ነው። በዚህኛው ፊልም የሙሽራዋ አባት ሲመርቁ ማይክ አልነበራቸውም፣ ድምፃቸው ከ«አሜን» ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የራሳቸው ድምፅ እንዳለ ተትቶ የሚሉት በጽሑፍ ከሥር ወጣ። አቆራረጡን «አሜን» ይወስነዋል፤ እያንዳንዱ ምርቃት ከአፋቸው ሲወጣ ጽሑፉ ይመጣል፣ ሕዝቡ «አሜን» ሲል ይጠፋል። «አሜን» ራሱ አይጻፍም። አነጋገራቸውም አይታረምም፤ በአገራቸው ለዛ ያሉትን እንዳሉት መጻፍ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከምስሉ ጋር አትመን ከማስቀረት ይልቅ ለብቻው በሆነ ፋይል ብናዘጋጀው እዚያ ለተወለዱት የእህትየዋ ልጆች የእንግሊዝኛ ቅጂ መጨመር ይቻላል፣ ዩቲዩብ ላይ ሲጫንም ተመልካቹ ይመርጣል። ፋይሉ ማንኛውም የጽሑፍ መጻፊያ ላይ የሚዘጋጅ ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ከስንት እስከ ስንት ሰከንድ እንደሚታይ፣ ከዚያ ጽሑፉ፦

```
1
00:07:12,000 --> 00:07:14,500
ውለዱ፣ ክበዱ።

2
00:07:16,000 --> 00:07:19,000
የአብርሃም የሣራ ቤት
ያድርግላችሁ።
```

ሲቀመጥ ስሙ መጨረሻ ላይ `.srt` ይሆናል፣ አቀማመጡ ደግሞ `UTF-8` መሆን አለበት። ይህ ከተረሳ አማርኛው በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይወጣል።

አሁን ወደ ምስጋናው ራሱ እንመለስ፤ ተበተነ እንጂ አልቀረም። «እናመሰግናለን» የሚለው ቃል በጠቅላላው ፊልም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሙሽሮቹ በራሳቸው አፍ እንዲባል ተስማማን። የተቀዳው በስልክ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ መጋረጃው ተዘግቶ፣ አልጋው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ እንዳለ፣ ስልኩ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ርቆ። ባዶ ሳሎን ውስጥ ቢሆን ድምፁ ያስተጋባ ነበር፤ ጨርቅ የበዛበት ክፍል ያንን ይውጠዋል። ወረቀት እያዩ እንዲያነቡ አልተፈቀደላቸውም፤ የሚሉትን አውቀው ወረቀቱን አስቀምጠው ነው የተናገሩት። በመጀመሪያ የነበረው ባለ 49 ቃሉ ዓረፍተ ነገር ይህን ሆነ፦

ሙሽራው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ለዚህ ቀን አበቃን።»

ሙሽራዋ፦ «እማዬ፣ አባዬ፣ አሳድጋችሁ ዳራችሁኝ።»

ሙሽራው፦ «እማዬ፣ አንቺ እናትም አባትም ሆነሽ አሳደግሽኝ።»

ሁለቱም፦ «የመጣችሁልን፣ ያገዛችሁን፣ ከሩቅ ያሰባችሁን ሁሉ፣ እናመሰግናለን።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የራሱ ግስ አለው፣ ግሱም ሰሚው ሳይደክም ይደርሳል። የመጨረሻው ላይ «ሁሉ» ካሉ በኋላ ትንሽ ቆም ብለው ነው «እናመሰግናለን» ያሉት፣ ያን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ሦስተኛው መስመር ከእኔ የወጣ አይደለም፤ ሙሽራው ለሁለቱም ቤተሰብ አንድ ዓይነት እንዲሆን የጻፍኩለትን አልቀበልም ብሎ ነው እንዲህ ያለው። ልክ ነበር።

የቀረው የስም ዝርዝሩ ነው፣ ቃል ገብቼበታለሁ። በድምፅ ተጠርተው ወይም በጽሑፍ ስማቸው ወጥቶ ያላለፉት ሁሉ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ተደረደሩ። ወደ 60 ስም ነው። ከታች ወደ ላይ እየተንከባለለ የሚሄደውን ዓይነት አልወድም፤ ዓይን ስሙን ሲያገኘው ስሙ ሸሽቷል። በአንድ ጊዜ ስምንት ስም ቆሞ ይታያል፣ አንድ ሰው ስምንቱንም ጮክ ብሎ አንብቦ እስኪጨርስ ይቆያል፣ ከዚያ ቀጣዮቹ ስምንት። ከጀርባው ፊልሙ ላይ ያልገቡት የእስክስታ ምስሎች ደብዘዝ ብለው ይሄዳሉ፤ በተቻለ መጠን የባልደረቦቹ ስም ሲወጣ ባልደረቦቹ ሲጨፍሩ፣ የዕድሩ አባላት ስም ሲወጣ ድንኳን ሲተክሉ የነበሩት። ቅደም ተከተሉን ለእኔ አይተዉ ብዬ ለሁለቱም ቤተሰቦች ሰጠሁ። ማን ከማን ይቀድማል የሚለው ከውጭ ሰው የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ግጥም የሚፈልጉ ቤተሰቦችም አሉ፤ እነዚህም በመጀመሪያ ጠይቀው ነበር። ቤት የሚመታ ትረካ በጥሩ ገጣሚ እጅ ያምራል፣ ግን ቤቱን ለመምታት ሲባል ያልነበረ ነገር ይገባል። «በሶ» ከማን ጋር ቤት ይመታል ብሎ መጨነቅ ሲጀመር በሶው ይወጣና «እንደ ጽጌረዳ» የሚል ይገባል። ተዉት።

ሲጠቃለል ተራኪው የሚናገረው 11 ቦታ ላይ ነው፣ ሁሉም ተደምሮ 100 ቃል አይሞላም። ከመረከባቸው በፊት ፊልሙ ሁለት ጊዜ ይታያል። አንዴ ድምፁ ጠፍቶ፦ ማን ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለን ካልገባ የጎደለ ጽሑፍ አለ። አንዴ ደግሞ ጀርባን ለስክሪኑ ሰጥቶ በጆሮ ብቻ፦ ድምፁ ያለ ምስሉ ሙሉ ታሪክ ሆኖ ከተሰማ ተራኪው ምስሉ የሚያሳየውን እየደገመ ነው፣ ገና የሚቆረጥ አለ።

ይህን ሙከራ ያደረግነው በሙሽራው እናት ፊት፣ በቤታቸው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ድምፁ ጠፍቶ ሲሄድ የዱባዩ ልጃቸው ከረቫት ሲያስር ደረሰ፤ ስሙ ወጥቶ ጠፋ። «ምን ይላል እዚያ ላይ?» አሉ። ሦስት ሰከንድ ሰጥተነው ነበር፣ ወደ አምስት አደረግነው። ከዚያ የስም ዝርዝሩ ሲጀምር ቴሌቪዥኑን አስቁመው፣ ከሦስተኛው ምድብ ላይ አንድ ስም አመለከቱና፣ «እኚህ ሴትዮ ስማቸውን በዓይኑ ዐ ነው የሚጽፉት፣ የልደት ካርዳቸውን እኔው ነኝ ያየሁት» አሉ። በዚያው ማታ ተስተካክሎ ፋይሉ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግም ተላከ።